ሁለት የምስጥ መከላከያ ዋጋ ማቅረቢያዎች ሲነጻጸሩ

ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ሰው ምስጥ ጠርጥሮ ባለሙያዎችን ሲጠራ ሁለት ዓይነት የዋጋ ማቅረቢያ ሊደርሰው ይችላል። የመጀመሪያው በነጻ ፍተሻ ላይ ተመሥርቶ «ቤቱ በሙሉ ይረጫል» በማለት አንድ ድምር ዋጋ ብቻ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ለፍተሻው ያስከፍላል፤ ነገር ግን ባለሙያው በቤቱ መሠረት ላይ የምስጥ የጭቃ መተላለፊያ ፈልጎ፣ እንጨቱን በሹል መሣሪያ ወግቶ፣ እርጥበቱንም ለክቶ ያገኘውንና ሊደርስበት ያልቻለውን ቦታ በንድፍ ላይ ያመለክታል። ያልታየው ቦታ መመዝገቡ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግድግዳ ተከፍቶ ስለማይታይ ባዶ መተላለፊያ መገኘቱ ብቻ ምስጡ መጥፋቱን አያረጋግጥም።

ልዩነቱ በስሌት ይጎላል። ዙሪያው 40 ሜትር የሆነ ቤት አፈሩ በፈሳሽ መድኃኒት ሲታከም፣ የተለመደው መመሪያ ለ30 ሳንቲሜትር ጥልቀት በአንድ ሜትር ወደ 5 ሊትር የተበጠበጠ መድኃኒት ስለሚጠይቅ፣ በጠቅላላው ወደ 200 ሊትር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ይህን መጠን ከመድኃኒቱ ስም ጋር ጽፎ፣ የመጀመሪያው ሲጠየቅ 60 ሊትር ካለ፣ ርካሽነቱ ከሥራው ጉድለት የመጣ ነው። በዋስትና ረገድ ግን ሁለቱም ሊያሳስቱ ስለሚችሉ፣ ምስጡ ቢመለስ ድጋሚ ሕክምናን ብቻ ወይም የተበላውን እንጨት መጠገንንም መሸፈናቸውን በጽሑፍ ማስገለጽ ያሻል።