የፖላሮይድ ፎቶግራፍ ነጭ ጠርዝ ለማስወገድ ወደ ፎቶ ቤት የምትሄዱ ሰዎች ተጠንቀቁ

እናቴ በሠርጓ ማግስት ከአክስቴ ጋር የተነሳችውን የፖላሮይድ ፎቶግራፍ ስካን ተደርጎ ምስሉ ብቻ እንዲቀርልኝ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ወስጄ ነበር። ሠራተኛው በመጀመሪያ ነጩን ጠርዝ በመቁረጫ ቆርጦ ሊጥለው ሲል ፈጥኜ ከለከልኩት። የፖላሮይድ ፎቶግራፍ በነጩ ጠርዝ የታሸጉ ስስ ንጣፎች ያሉት፣ በታችኛው ሰፊ ጠርዝም ውስጥ የኬሚካሉ ከረጢት የሚገኝበት ስለሆነ፣ ሲቆረጥ እሽጉ ተከፍቶ ንጣፎቹ ሊላቀቁ ይችላሉ። እባካችሁ ማንም ሰው መቀስ እንዳያስጠጋበት።

ከዚያ በኋላ 300 ብር ከፍዬ ሥራውን በፍላሽ ተረከብኩ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ግን አክስቴ ሲኒ የያዘችበት እጇ ከነሲኒው ጠፍቷል። ተመልሼ ስጠይቅ “ማዕዘኖቹ የተጠጋጉ ስለሆኑ ነጩ እንዳይታይ ወደ ውስጥ መግባት ግድ ነው” የሚል ምላሽ ሰጠኝ።

ምላሹ በከፊል እውነት ቢሆንም የተቆረጠው መጠን ግን በምንም አይገናኝም። የምስሉ ክፍል በየጎኑ 79 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ600 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ 24 ፒክስል ስለሚጠጋ፣ ሙሉ ምስሉ በየጎኑ 1,866 ፒክስል ገደማ መሆን ነበረበት። የተሰጠኝ ፋይል 1,630 ፒክስል ብቻ ነው፤ ይህም ከእያንዳንዱ ጎን 5 ሚሊ ሜትር ተቆርጧል ማለት ነው። የማዕዘን ክብ ቅርጽ የሚወገደው የክቡን ራዲየስ 3 አስረኛ ያህል ወደ ውስጥ በመግባት ስለሆነ፣ ራዲየሱ 2 ሚሊ ሜትር ለሆነው ለእኔ ፎቶግራፍ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 14 ፒክስል ይበቃ ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ፎቶው በስካነሩ መስታወት ላይ ተጣሞ መቀመጡን ሳያስተካክሉ በመከርከማቸው ነው። ሦስት ዲግሪ የሚሆን ዝንባሌ የምስሉን ጎን ከዳር እስከ ዳር በ4 ሚሊ ሜትር ስለሚያንሸራትተው፣ ሠራተኛው ነጩ እስኪጠፋ ድረስ ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ገፍቷል፤ ከእናቴ ጀርባ ያለው የበር መቃንም እንደተዘነበለ ቀርቷል። ከሁሉም ያሳዘነኝ ከመከርከሙ በፊት የነበረውን ሙሉ ስካን ሰርዘውት መገኘታቸው ነው። ገንዘቤን ለመመለስም ሆነ ሥራውን ለመድገም ፈቃደኛ አልሆኑም።

ዋናው ፎቶግራፍ በእጄ ስለነበረ ኮምቦልቻ ወስጄ እንደገና አሠራሁት። እዚያ ያገኘኋት ባለሙያ ፎቶውን ከነጠርዙ ስካን አድርጋ አስቀመጠችልኝ፣ ቀጥሎ በምስሉ የላይኛው ጠርዝ ልክ ቀጥ አደረገችው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ከረከመችው። ውጤቱ በየጎኑ 1,838 ፒክስል ሆኖ የአክስቴም እጅ ከነሲኒው ተመልሷል። እናንተም ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ያልተከረከመው ስካን ከነነጭ ጠርዙ በፍላሻችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ የተከረከመውንም ፋይል ከፍታችሁ የፒክስሉን ቁጥር እዚያው ቆማችሁ እዩት።