ሶፍትዌር በዶላር ለምትከራዩ የሐዋሳ ቢሮዎች፦ ውሉ ራሱን ሳያድስ ይህችን ባለሙያ አናግሯት

ፒያሳ አካባቢ የዲዛይንና የግንባታ ማማከር ሥራ የምንሠራ ትንሽ ቢሮ ነን። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሶፍትዌር ክፍያችን በብር ሲመነዘር ያስደነግጥ ጀምሯል። ዘንድሮ ይህን ወጪ የቀነሰችልንን የሒሳብ ባለሙያ እህታችንን በአደባባይ ላመሰግናት ፈለግሁ። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ የፈለጋት በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

መጀመሪያ የጠየቀችን የይለፍ ቃል ሳይሆን የዶላር ካርዱን የባንክ መግለጫ ነው፤ ያውም የአሥራ ሦስት ወር። «ጋሼ፣ በዓመት አንዴ የሚቆረጥ ነገር የአሥራ ሁለት ወሩ ጫፍ ላይ ከዋለ ያመልጠናል» አለችኝ። ከዚያ ያገኘችውን ክፍያ ሁሉ ከውሉና በኢሜይል ከመጣው ደረሰኝ ጋር አስተያየችው።

ትልቁ ወጪ የፕሮጀክት መከታተያው ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። 15 ላይሰንስ፣ እያንዳንዱ በወር 20 ዶላር፣ ውሉ ዓመታዊ። መጨረሻ የገቡበትን ቀን ከሲስተሙ አወጣች፤ እሱን ብቻ ግን አላመነችም። ስልኩ ላይ አንዴ ገብቶ ሳይወጣ የሚሠራ ሰው በሪፖርቱ ላይ የጠፋ ሊመስል ይችላል ብላ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። በእርግጥ የሚጽፉበት ስድስት ናቸው። አራቱ የሳይት ሰዎች የሥራውን ሁኔታ ከማየት ውጪ ምንም አይነኩም፤ ለማየት ብቻ የሚገባ እንግዳ ደግሞ በዚያ ፕሮግራም አይከፈልበትም። አምስቱ ወይ ከቢሮው ለቀዋል ወይ ከነጭራሹ ገብተው አያውቁም። የለቀቁት አካውንታቸው ተዘግቷል፣ ላይሰንሳቸው ግን ይከፈልበታል። የዓመት ውል እንዲህ ነው፤ ሰውየውን ስታጠፋው የገዛኸው ቁጥር አይቀንስም፣ የሚቀነሰው እድሳት ላይ ነው። ጉግል ወርክስፔስም በዓመታዊ ዕቅድ እንደዚሁ ነው፤ መጨመር በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፣ መቀነስ ግን ሲታደስ ብቻ።

ቀኑ ላይ ያደረገችው ነገር ነው ያስደነቀኝ። ውሉ «04/05/2026 በራሱ ይታደሳል፤ የማይፈልግ ከ60 ቀን በፊት በጽሁፍ ያሳውቅ» ይላል። ቀንን አስቀድሞ ለሚጽፍ እንደኛ ያለ ሰው ይህ ሜይ 4 ነው። እሷ ግን ድርጅቱ ወርን አስቀድሞ የሚጽፍ የአሜሪካ ድርጅት መሆኑን አይታ የባንኩን መግለጫ ገለጠች፤ ያለፈው ዓመት ክፍያ የተቆረጠው ኤፕሪል 5 ነው። ስለዚህ እድሳቱ መጋቢት 27፣ የማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ጥር 27 ሆነ። ሜይ ብለን ብንቆጥር ኖሮ ደብዳቤያችን አንድ ወር ዘግይቶ ይደርስ ነበር።

ከመካከላችን «ካርዱ ላይ ዶላር ካልሞላን ራሱ ይቆማል» ያለም ነበር። በየወሩ በሚከፈል ተራ አገልግሎት ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ውል ተፈርሞ ከሆነ ግን አገልግሎቱ ይዘጋና ዕዳው ይቀራል፣ ፋይሉም እዚያው ይታገታል አለችን።

ደብዳቤውን በታኅሣሥ መጨረሻ ላከችው፤ ለሻጩ ሳይሆን ውሉ ውስጥ ለማሳወቂያ ተብሎ ለተጻፈው አድራሻ፣ ሻጩን ግልባጭ አድርጋ። ሻጩ ወዲያው «እስቲ በስልክ እንነጋገር» አለ። «እንነጋገራለን፣ ግን መጀመሪያ ደብዳቤው መድረሱን በኢሜይል አረጋግጥልን» ብላ ያዘችው። ማረጋገጫው እስኪመጣ ስለ ዋጋ አላነሳችም። በመጨረሻ በስድስት ላይሰንስ አዲስ ውል ተፈረመ፤ በራሱ ይታደሳል የሚለውም ወጣ። የተቀነሰው ዘጠኝ ላይሰንስ ብቻውን በዓመት 2,160 ዶላር ነው። የለቀቁትን ሠራተኞች የተዘጋ አካውንት ጨርሳ ከማጥፋቷ በፊት ሥዕሎቻቸውንና ፋይሎቻቸውን ወደ ቢሮው አካውንት አዛውራለች፤ ይህን የሚረሳ ባለሙያ ብዙ ነው።

ያልሆነላትም አለ። አንዱ የሥዕል ፕሮግራማችን በየወሩ የሚከፈል ቢመስልም የዓመት ውል ነው፤ መሃል ላይ ማቋረጥ ቅጣት አለው። አስልታ «ይለቅ፣ የሚያልቅበትን ቀን ቆርጠን እንያዝ» ብላ ተወችው። ስልክ ቶሎ አታነሳም፤ ጽሁፍ ላኩላት። የምታስከፍለው ቁርጥ ዋጋ ነው እንጂ ካዳነችው ላይ ፐርሰንት አትጠይቅም።

የ90 ቀን ማሳወቂያ የሚጠይቁ ውሎችም ስላሉ፣ የምታናግሯት ከሆነ እድሳቱ አራት ወር ሲቀረው ይሁን። የባንክ መግለጫውንና ውሎቹን ይዛችሁ ሂዱ።