ወንድምዎ ስንት ነው? ኮማው ይናገራል

በአማርኛ «ዳላስ የሚኖረው ወንድሜ ነርስ ነው» ስንል ስንት ወንድም እንዳለን አይታወቅም። እንግሊዝኛ ግን በኮማ ያሳብቃል።

«ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ዳላስ ኢዝ ኤ ነርስ» ብለው ያለ ኮማ ከጻፉ፣ «ዳላስ የሚኖረው» የሚለው ገላጭ ሐረግ የትኛው ወንድም እንደሆነ ይለያል። አንባቢው ሌላም ወንድም እንዳለዎት ይገምታል። ከ«ብራዘር» እና ከ«ዳላስ» በኋላ ኮማ ካስገቡ ግን ወንድምዎ አንድ ብቻ ነው። ዳላስ መኖሩ ተጨማሪ ወሬ ይሆናል።

ግራ ሲገባዎት ሐረጉን አውጥተው ያንብቡት። ስለማን እንደሚወራ አሁንም ግልጽ ከሆነ ኮማ ያስፈልጋል። «የትኛው?» የሚያሰኝ ከሆነ አያስፈልግም። እንደ አበበ ቢቂላ ያለ የታወቀ ስም ሲሆን ነገሩ ያለቀ ነው፤ ማንነቱ ስለታወቀ የሚከተለው ሐረግ ኮማ ይወስዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው መዝጊያውን ኮማ ነው። ሐረጉ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ከገባ ሁለቱም ግድ ናቸው፤ አንዱ ኮማ ብቻውን ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱንም አይሰጥም። «ዛት»ን ደግሞ ከዚህ ኮማ በኋላ አያስገቡ። እዚያ ለሰው «ሁ»፣ ለነገር «ዊች» ነው።