«ዳይሬክትኤክስ 12 ይደግፋል» የተባለ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ከሆነ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ

ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች የሚሸጡባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች የምትከታተሉ ይህን ዓይነት ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም፦ «ጂቲኤክስ 780 ቲአይ፣ 3 ጊጋ፣ 384 ቢት፣ ዳይሬክትኤክስ 12 ይደግፋል፣ ምንም ችግር የለበትም።» ነገሩን የሚያከፋው ማስታወቂያው ውስጥ አንድም ውሸት አለመኖሩ ነው። ካርዱ በእርግጥ 3 ጊጋ ነው፤ 384 ቢት ነው፤ ዳይሬክትኤክስ 12ንም በሆነ መልኩ ይደግፋል። ቤት ወስዳችሁ አዲስ ጌም ስትጭኑበት ግን አይከፍትም። ቀርፋፋ ስለሆነ አይደለም። ጌሙ ገና ሲነሳ ካርዱን አይቶ «ከአንተ ጋር አልሠራም» ብሎ ይዘጋል።

የሰፈራችን አንድ ልጅ በቅርቡ የገጠመው ይኸው ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ካርድ ነበር፦ 780 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፤ ዋጋቸውም ብዙም አይራራቅም። ሻጩ «ያኛው ትንሽ ካርድ ነው፣ ይሄ ግን በዘመኑ ንጉሥ ነበር» አለው። ይህም እውነት ነው። 780 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሲወጣ ዋጋው 699 ዶላር ነበር፤ 1050 ቲአይ ደግሞ በ2016 በ139 ዶላር የወጣ ዝቅተኛ ካርድ ነው። ድሮ በወጡ ጌሞች ብታወዳድሯቸው ትልቁ ትንሹን በቀላሉ ያሸንፈዋል። ሻጩ ጂቲኤ 5ን ከፍቶ አሳየው፣ ጌሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ልጁም ትልቁን ይዞ ሄደ። ዓላማው ኤልደን ሪንግን መጫወት ነበር። ኤልደን ሪንግ በዚያ ካርድ አይነሳም። በ1050 ቲአይ ግን፣ ጌሙ በይፋ ከሚጠይቀው በታች ቢሆንም፣ ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ ይጫወቱበታል።

ጂቲኤ 5 ለምን ሠራ? በ2015 ለኮምፒውተር የወጣ፣ በዳይሬክትኤክስ 11 የሚሄድ ጌም ስለሆነ ነው። አሮጌ ካርድ የሚሸጥ ሰው ሁልጊዜ በእሱ ቢፈትንላችሁ አይግረማችሁ።

«ዳይሬክትኤክስ 12 ይደግፋል» የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል። ዳይሬክትኤክስ 12 ጌሙ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ሲሆን የሚመጣውም ከዊንዶውስ ጋር ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ሲያወጣው ድሮ የተሸጡ ካርዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጨዋታ እንዳይወጡ ብሎ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተው፤ የካርዱ ሲሊከን ራሱ የሚችለው ነገር ግን በደረጃ ተከፋፈለ። ደረጃዎቹ 11_0፣ 11_1፣ 12_0፣ 12_1 እያሉ ወደ ላይ ይሄዳሉ። 780 ቲአይ ያለበት የኬፕለር ትውልድ፣ ማለትም ጂቲኤክስ 600 እና አብዛኛው 700፣ ከሁሉም በታች ባለው ወለል በ11_0 ላይ ቀርቷል። 1050 ቲአይ ደግሞ 12_1 ነው። ኤልደን ሪንግ በሚጠይቃቸው ነገሮች ዝርዝር ላይ ዳይሬክትኤክስ 12 ካለ በኋላ ደረጃው 12.0 መሆን እንዳለበት ለይቶ ጽፏል። ማስታወቂያ ላይ የማታዩት ያችን ቁጥር ነው።

ደረጃው የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። 12_0 ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ካርዱ ትልልቅ የጌም ምስሎችን በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍሎ ለጊዜው የሚያስፈልገውን ብቻ ሜሞሪ ላይ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ኬፕለር ይህን የሚችለው በመጀመሪያው እርከን ብቻ ሲሆን 12_0 ግን ሁለተኛውን ይፈልጋል። ይህ ካርዱ ሲሠራ አብሮት የተሠራ እንጂ በኋላ በሶፍትዌር የሚጨመር አይደለም።

ለዚህ ነው ተመልሳችሁ ስትሄዱ የሚነግሯችሁ መፍትሔ ሁሉ ጊዜ የሚበላው። «ዊንዶውሱን አፕዴት አድርገው»፣ «ዳይሬክትኤክስን እንደገና ጫነው»፣ «ፎርማት ይደረግ» ይሏችኋል። በአንሪል ኢንጂን የተሠሩ ጌሞች የሚያወጡት መልእክትም ሰውን ያሳስታል፦ `DX12 is not supported on your system` ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ዊንዶውሱ የጎደለው ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው ካርዱ ነው። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ `dxcpl` የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ጭናችሁ `Force WARP` የሚለውን ምልክት እንድታደርጉበት የሚመክሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። እሷ የምታደርገው ምስሉን የመሳሉን ሥራ ከካርዱ ነጥቆ ለፕሮሰሰሩ መስጠት ነው። ጌሙ ቢከፈት እንኳ እንደ ስላይድ ሾው እየተንቀረፈፈ ነው የሚሄደው፤ የገዛችሁት ካርድ አጠገቡ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተገጥሞ፣ ድራይቨሩ ተጭኖ እያለ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭናችሁ ይህን ጻፉ፦

```
dxdiag
```

መጀመሪያ በሚመጣው ገጽ ታች `DirectX Version: DirectX 12` የሚል ታያላችሁ። ብዙ ሻጭ ጣቱን የሚቀስረው እዚህ ላይ ነው። ይሄ የዊንዶውሱ ነው፤ ስለ ካርዱ ምንም አይናገርም። `Display` የሚለውን ገጽ ክፈቱና በስተቀኝ `Feature Levels` የሚለውን መስመር ፈልጉ። ቁጥሮቹ ከትልቁ ጀምረው ይደረደራሉ። የመጀመሪያው `12_0` ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይህን ፈተና አልፏል። በ`11_0` ወይም በ`11_1` የሚጀምር ከሆነ ተዉት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በስተግራ የካርዱ ስም ቦታ ላይ `Microsoft Basic Display Adapter` ከተጻፈ ድራይቨር አልተጫነም፣ ቁጥሩም አይታመንም። ድራይቨሩን እዚያው ያስገቡላችሁና እንደገና እዩ።

ሁለተኛው በር ድራይቨሩ ነው፤ ይህ ከደረጃው ተለይቶ ለብቻው ሊዘጋ ይችላል። ኤንቪዲያ ለኬፕለር ካርዶች ለአዲስ ጌም የሚዘጋጀውን ድራይቨር በ2021 አቁሟል። የመጨረሻው በ470 የሚጀምረው ተከታታይ ሲሆን ከዚያ በኋላ እስከ 2024 ድረስ የመጣው የደህንነት ጥገና ብቻ ነበር። አዲሱን ድራይቨር ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ልትጭኑ ብትሞክሩ `This graphics driver could not find compatible graphics hardware` ብሎ ይመልሳችኋል። አዳዲስ ጌሞች ሲወጡ ካርድ ሠሪው ለእነሱ ማስተካከያ በድራይቨር በኩል ይልካል። ያ ሲቆም ጌሙ ቢከፈት እንኳ ምስሉ ሊበላሽ፣ መሃል ላይ ሊዘጋ፣ ወይም «ድራይቨርህን አድስ» የሚል የማይፈጸም ትእዛዝ ሊያወጣባችሁ ይችላል።

ሁለቱን በሮች ለይታችሁ እዩ የምለው አንዱ ተከፍቶ ሌላው የተዘጋባቸው ካርዶች ስላሉ ነው። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ስሙ 700 ይሁን እንጂ ኬፕለር ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ የመጣው የማክስዌል ትውልድ የመጀመሪያው ነው፤ ለብዙ ዓመት ድራይቨር ሲመጣለት ቆይቷል። ሻጩ አዲስ ቀን ያለበት ድራይቨር ሊያሳያችሁ ይችላል። ደረጃው ግን ያው 11_0 ነው። የኤኤምዲው አር9 290 ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ`dxdiag` ላይ 12_0 ብሎ ደስ ያሰኛችኋል፤ ኤኤምዲ ግን በሰኔ 2021 ያን ትውልድ ከመደበኛው ድጋፍ አውጥቶታል። ሁለቱም ዛሬም በየቻናሉ ይዞራሉ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ያገለገለው ካርድ አይደለም፤ በካርቶኑ ታሽጎ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጠው ጂቲ 730 ነው። «4 ጊጋ» የሚለው ቁጥር በትልቁ ይጻፍበታል፤ አባትና እናት ለልጃቸው የሚገዙትም ያንን አይተው ነው። ካርዱ በ2014 የወጣ ነው። በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ቺፕ ይሸጣል፦ 384 ኮር ያለው ኬፕለር ነው፤ 96 ኮር ያለው ደግሞ ከኬፕለርም በፊት የነበረው ፈርሚ ሲሆን ለእሱ ድራይቨር የቆመው ገና በ2018 ነው። ሁለቱም 11_0 ናቸው። 4 ጊጋው ብዙ ጊዜ ቀርፋፋ ዲዲአር3 ነው። ለቢሮ ኮምፒውተር ሁለተኛ ስክሪን ለማገናኘት ይጠቅማል። ኤፍሲ 24ን ለሚፈልግ ልጅ ግን ብር መጣል ነው፤ የዚያ ጌም ዝቅተኛው መስፈርት 1050 ቲአይ ነው።

የሐሰት ካርድም አለ። ባዮሱ ተለውጦ «1050 ቲአይ» የሚል ስም የተሰጠው የፈርሚ ካርድ ነው፤ ዊንዶውስም ያንኑ ስም ያነባል። `GPU-Z` የምትባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እንዲህ ዓይነቱን ስታገኝ ከስሙ ፊት `[FAKE]` ብላ ትጽፋለች።

«እሺ 12_1 ልግዛ» ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ኤንቪዲያ ለማክስዌልና ለፓስካል፣ ማለትም ለጂቲኤክስ 900 እና 1000፣ የጌም ድራይቨሩን በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ከዚያ እስከ 2028 የሚመጣው የደህንነት ጥገና ብቻ ነው። ስለዚህ 1080 ቲአይን «አሁንም አውሬ ነው» ብሎ በትልቅ ዋጋ የሚጠራባችሁን ሰው ዋጋውን እንዲቀንስ አድርጉ። በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም ካርዱ ራሱ ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን የብርሃን ስሌት እንዲችል ስለሚያስገድድ በዊንዶውስ 1080 ቲአይንም፣ 1660 ቲአይንም፣ በ2019 የወጣውን የኤኤምዲ አርኤክስ 5700 ኤክስቲንም አያስገባም። አርቲኤክስ 2060 ግን ቢያንስ የሬይ ትሬሲንጉን በር ያልፋል፣ የሚጠይቀውን ሜሞሪ ግን ለየብቻ እዩ። ለማንኛውም ከ1660 እና ከ2060 መካከል የምትመርጡ ከሆነ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ እወቁ።

780 ቲአይ ለማንም አይሆንም አልልም። ጂቲኤ 5ን፣ ዊቸር 3ን በመጀመሪያው ዘመን መልኩ፣ የድሮ ፊፋዎችን ብቻ የሚጫወት ሰው በእውነት በርካሽ ካገኘው ይደሰትበታል። በርካሽ ሲባል ግን ከ1050 ቲአይ በግልጽ ወርዶ መሆን አለበት፤ ኃይል የሚበላበትም 250 ዋት ነውና የፓወር ሰፕላይ ወጪውን አስቡበት።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ሻጩን «ይሠራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ይሠራል። የምትፈልጉትን ጌም በስሙ ጠርታችሁ «ይሄ ካልተከፈተ በሁለት ቀን ውስጥ እመልሳለሁ» ብላችሁ ደረሰኙ ላይ ወይም ቢያንስ በቴሌግራም መልእክት አስጽፉት። ያንን መጻፍ ያንገራገረ ሻጭ ካርዱን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።