«ለጂም» ተብሎ የሚሸጠው ባለ ስፖንጅ ጫማ፦ ለስኳትና ለዴድሊፍት ገንዘባችሁን አታውጡበት

ስኳትና ዴድሊፍት ለመሥራት ጫማ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ወፍራምና ለስላሳ ሶል ያላቸው የሩጫ ጫማዎች «የጂም ጫማ» ወይም «የክብደት ልምምድ ጫማ» የሚል ስም እየተለጠፈባቸው ይሸጣሉ። ጫማዎቹ መጥፎ ናቸው አልልም፤ ለተሠሩበት ለሩጫ ጥሩ ናቸው። የሚያናድደው ከጫማው ጋር አብሮ የሚሸጠው ወሬ ነው፦ «ይህ ስፖንጅ ብረቱ ሲጫንህ ጉልበትህንና ወገብህን ይጠብቅልሃል»። ገዢውም ይህን አምኖ ከተራ ጠፍጣፋ ጫማ በላይ ይከፍላል። የከፈለበት ስፖንጅ ግን ብረት በተሸከመ ቁጥር የሚያስቸግረው ራሱ ነው።

አብሮኝ ጂም የሚሠራ አንድ ወጣት የገዛውን ላሳያችሁ። የጫማው ሶል ተረከዙ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ተረከዙ ከፊቱ በ10 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ልጁ 75 ኪሎ ይመዝናል፣ ስኳት የሚሠራው ደግሞ በ100 ኪሎ ነው። አዲሱን ጫማ ካደረገ በኋላ ከታች ሲነሳ ቀኝ ጉልበቱ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። «የዳሌህ ጡንቻ ደካማ ነው» ተባለና ጉልበቱ ላይ ላስቲክ እያሰረ ተጨማሪ ልምምድ እንዲሠራ ታዘዘ። ጫማውን ያየለት ሰው አልነበረም።

ስልክ ከኋላው ወለሉ ላይ፣ በተረከዙ ልክ አስቀምጠን ቀረጽነው። ቪዲዮው ቀስ ብሎ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው። ባዶ ባር ሲሸከም የሶሉ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። 100 ኪሎው ሲመጣ በውስጠኛው ጎን ያለው ነጭ ስፖንጅ እንደ አኮርዲዮን መጨማደድ ጀመረ፤ የውጪው ጎን ግን ብዙም አልተነካም። ተረከዙ ወደ ውስጥ ጋደል አለ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተከተለው፣ ጉልበቱም ተከተለ። በዚያው ዕለት፣ በቂ ዕረፍት ካደረገ በኋላ፣ ስስ የላስቲክ ሶል ባለው ሸራ ጫማ ያንኑ ክብደት ሠራ። መጨረሻው ድግግሞሽ ላይ ጉልበቱ ትንሽ ማመንታቱ አልቀረም፣ እውነቱን ለመናገር የዳሌው ጡንቻም ሥራ ይፈልጋል። ተረከዙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ስፖንጁ የተሠራበትን ሥራ ማየት ይበቃል። ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ እግሩ የሰውነቱን ክብደት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይቀበላል፤ ይህም የሚሆነው ሩብ ሰከንድ በማይሞላ ወይም እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። ስፖንጁ ይታመቃል፣ ይመለሳል፣ እግሩም መሬት ይለቃል። ጥቂት ቢጋደል የሚቀጥለው እርምጃ ያስተካክለዋል። ስኳት ውስጥ ግን የሚበርድ ምት የለም። እግሩ ከወለሉ አይነሳም፣ መሬት አይመታም። ያ ወጣት ከነባሩ 175 ኪሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ እግር 87 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ይህ ክብደት ባሩ ትከሻ ላይ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ እስኪመለስ ድረስ አይለቅም። ስፖንጁ ታምቆ ይቆያል፣ በጣም በተጫነው ጎን በኩል ደግሞ ይበልጥ እየሰመጠ ይሄዳል። ፍራሽ ላይ ቆሞ ጆንያ እንደ መሸከም ነው፤ ፍራሹ ከምንም ነገር አይጠብቅህም፣ እግርህ ግን ሚዛን ፍለጋ ሲንቀጠቀጥ ይውላል።

እዚህ ላይ ጠፍጣፋ ጫማ የሚያደንቁ ሰዎች የሚያጋንኑትንም ልንገራችሁ። «ስፖንጁ ኃይልህን ይበላዋል፣ ብዙ ኪሎ ያሳጣሃል» ይላሉ። ቀስ ተብሎ በሚነሳ ክብደት ስፖንጁ አንዴ ከታመቀ በኋላ የምትገፉትን ኃይል ወደ ወለሉ ያስተላልፋል፤ ዋጥ አድርጎ የሚያስቀረው አይደለም። ጉዳቱ መዋዠቁ ነው። ባሩ በእግር መዳፍ መካከል ላይ ቀጥ ብሎ መውረድና መውጣት ሲገባው፣ ከሥሩ ያለው መሠረት ወደ ጎንና ወደ ፊት ይንሸራሸራል። በባዶ ባር ወይም በጣም ቀላል በሆነ ክብደት የሚማር ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል፣ በሩጫ ጫማ ቢጀምርም የሚያስደነግጥ ነገር የለም። የምናወራው ለዚህ ሥራ ብሎ ገንዘብ ስለሚያወጣ ሰው ነው።

ብዙ ገዢዎችን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። ጫማውን ለክተው ያለ ክብደት ቁጢጥ ሲሉ ከበፊቱ ጠልቀው ይወርዳሉ፣ «አየህ፣ ጥሩ ነው» ይባላሉ። ይህ የሆነው ተረከዙ በ10 ሚሊ ሜትር ከፍ ስላለ ነው፤ ተረከዝ ከፍ ሲል ቁርጭምጭሚት ብዙ መታጠፍ አይጠበቅበትም፣ ጉልበትም ወደ ፊት ለመሄድ ይቀለዋል። ነገር ግን ይህ ከፍታ የስፖንጅ ከፍታ ነው። ክብደቱ በተጨመረ ቁጥር ተረከዙ እየሰመጠ ከፍታው ይቀንሳል። እርዳታው በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ይከዳችኋል።

የእውነተኛ ክብደት ማንሻ ጫማ ተረከዝም ከፍ ያለ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 22 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ ያ ተረከዝ ከጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከተነባበረ ቆዳ የተሠራ መሆኑና ማንም ቢጫነው አለመታጠፉ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የሚገኘውም እዚህ ነው። ተረከዙ ከውጪ ሲታይ ልክ እንደዚህ የሆነ፣ ሰፊ ማሰሪያ በላዩ ያለው፣ ከውስጥ ግን በቀጭን የፕላስቲክ ቅርፊት የተሸፈነ ስፖንጅ የሆነ ጫማ አለ። በፎቶ ብቻ የሚገዛ ሰው ሊለየው አይችልም።

በእጅ ከያዛችሁት ግን መለየት ቀላል ነው። ከውስጥ ያለውን ተነቃይ መደብ አውጡና ተረከዙ የሚያርፍበትን ቦታ በአውራ ጣታችሁ በኃይል ተጫኑት። ጣታችሁ ከሰመጠ ስፖንጅ ነው፤ ከውጪ ምንም ይምሰል። ቀጥሎ የተረከዙን ሁለት ጎን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ጨምቁ፤ ጠንካራው ምንም አይጨመቅም። ከዚያ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከጎን እዩት፦ የሩጫ ጫማ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ብዙ ጊዜም ተረከዙ ከኋላ የተሞረደ ስለሆነ ወለሉን የሚነካው መካከሉ ብቻ ነው። በመጨረሻ ተጫሙትና በአንድ እግር ቆማችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ቀኝ ገፋ ገፋ አድርጉ። ሰው ከኋላ ሆኖ የሶሉን ግድግዳ ይመልከትላችሁ። በሰውነት ክብደት ብቻ የሚጨማደድ ከሆነ ብረት ሲጨመርበት የሚሆነውን መገመት አያቅትም።

ከሩቅ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን የሶሉ መካከለኛ ክፍል ከምን እንደተሠራ ጠይቁት። «ቲፒዩ» የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። «ኢቪኤ» ካለ የሩጫ ጫማዎች የሚሠሩበት የስፖንጅ ዓይነት ነው፤ በጣም ጠጠር ያለ ኢቪኤ ያላቸው ርካሽ የማንሻ ጫማዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ እነሱን ግን ሳይነኩ መግዛት ቁማር ነው። የአንድ እግሩን ክብደትም ጠይቁ፤ የማንሻ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከ400 ግራም በላይ ይመዝናል። ማስታወቂያው ላይ «ምት የሚያበርድ ልስላሴ» ከተጻፈና አጠገቡ ባር የተሸከመ ሰው ፎቶ ካለ፣ ሻጩ የሚሸጠውን አያውቅም ወይም እናንተ እንደማታውቁ ያውቃል።

ለዴድሊፍት ነገሩ የባሰ ነው። መደበኛ ትላልቅ ዲስኮች ስፋታቸው 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ባሩ ከወለሉ 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ይቀመጣል። እሱ ከቦታው አይነሳላችሁም፤ ከፍ የምትሉት እናንተ ናችሁ። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ጫማ ካደረገ ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ 35 ሚሊ ሜትር ላይ የቆመ ሰው ስፖንጁ ከሚታመቀው በስተቀር ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ማጎንበስና ባሩን ያን ያህል ተጨማሪ ርቀት መሳብ አለበት። ይህ የሚጨመረው ደግሞ ባሩ ከወለል በሚላቀቅበት፣ ለብዙ ሰው በጣም ከባድ በሆነው ቦታ ላይ ነው። ሆን ብለው መደብ ላይ ቆመው ዴድሊፍት የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ልምምዱን ለማክበድ። እናንተ ሳታውቁ ይህንኑ ትሠራላችሁ። ከዚህ በላይ ተረከዙ ከፍ በማለቱ ሰውነት ወደ ጣቶች ያጋድላል፣ ባሩም ከቅልጥም ይርቃል፤ ባሩ በራቀ መጠን ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። «ወገብ ይጠብቃል» የተባለው ጫማ ማለት ነው እንግዲህ።

በዚሁ ምክንያት ባለ ጠንካራ ተረከዙን የማንሻ ጫማም «ለሁለቱም ይሆናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ። ለስኳት ይረዳል፣ ለዴድሊፍት ግን ተረከዙ ያው ከፍ ያለ ነው። አንድ ጫማ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ተረከዙና ፊቱ እኩል የሆነ፣ ሶሉ ስስና ጠጣር ላስቲክ የሆነ ጫማ ይግዛ። ሸራ ጫማ ለዚህ ይበቃል፤ በጂም ዕቃ ዋጋ መከፈልም የለበትም። ጂሙ ከፈቀደ ዴድሊፍትን በካልሲ መሥራትም ይቻላል፣ ወለሉ የማያንሸራትት ከሆነ።

ባለ ከፍታ ተረከዝ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ሳትገዙ ማወቅ ትችላላችሁ። ባዶ እግራችሁን ጠንካራ ወለል ላይ እስከ ታች ቁጢጥ በሉ። ተረከዛችሁ ሳይነሳና ወገባችሁ ሳይጎብጥ ከወረዳችሁ ጠፍጣፋው ይበቃችኋል። ተረከዛችሁ ከተነሳ በሁለቱ ተረከዞች ሥር እኩል ውፍረት ያላቸው ትናንሽ ዲስኮች አድርጉና በባዶ ባር ሞክሩ። በግልጽ ከተሻላችሁ ለጠንካራው ተረከዝ የምታወጡት ገንዘብ ምክንያት አለው ማለት ነው።

ባለ ስፖንጁን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ፣ ሶሉ ውጪ ካልረገጠና ምልክቱ ካልተቆረጠ ዛሬውኑ ለመመለስ ጠይቁ፤ «ለስኳት ይሆናል» ብሎ የጻፈላችሁን ማስታወቂያ ወይም መልእክት አብራችሁ አሳዩ። የማይመለስ ከሆነ ለሩጫ አስቀምጡት፤ ለሩጫ የምትፈልጉትን ጫማ ግን ከባር በታች አትቁሙበት፣ በአንድ ጎን እየታመቀ የቆየ ስፖንጅ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።