የእናቴን የፓስፖርት ፎቶ ለመረጠችልን እህታችን

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሆናችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት የምታወጡ ወይም የምታሳድሱ ካላችሁ ይቺን አንብቧት። ፎቶና ኮፒ የምትሠራ አንዲት እህታችንን ላመሰግን ነው። "ስሜን በአደባባይ አትጻፊው" ስላለችኝ አድራሻዋን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

የእማዬን ፎቶ ወንድሜ ቤት ውስጥ በስልኩ አንስቶ ነበር። አራቱን ይዘን "የትኛው ይሻላል?" ስንላት መጀመሪያ መቼ እንደተነሱ ጠየቀችን። ከስድስት ወር በላይ የቆየ አይሆንም። ከዚያ ማስመሪያ ታወጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ልኩ በኋላ ይስተካከላል፤ መጀመሪያ የማይስተካከለውን እንጣል" አለች። ሥራዋን የወደድኩላት እዚህ ላይ ነው።

ቀድሞ የወደቀው ሁላችንም የወደድነው ፎቶ ነው። እማዬ ፈገግ ብላ ጥርሷ ብልጭ ብሏል። አፍ መዘጋት፣ ሁለቱም ዓይኖች መከፈት አለባቸው። እማዬ "ታዲያ ተኮሳትሬ ልነሳ?" ብላ ተቆጣች። "ኧረ እማማ፣ ዝም ይበሉ እንጂ ያኩርፉ መች አልኩ!" አለቻት።

ሁለተኛው ላይ ፊቷ ጥሩ ነው። ግን ስክሪኑ ላይ ስታጎላው ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ግድግዳው ላይ ጥላ አለ። እማዬ ግድግዳው ላይ ልትለጠፍ ምንም አልቀራትም ነበር። ከግድግዳው አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ ተብሎ ብርሃኑ ከፊት ቢመጣ ጥላው አይኖርም። ወንድሜ "በአፕ አጥፊው" ቢላት እምቢ አለች። በአፕ ወይም በፊልተር የተነካካ ፎቶ ክልክል ነው። ስንቱ አጥፍቶ ብሩን ይቀበል ነበር!

ሦስተኛው ላይ አንዱ ጉንጭ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ብሏል። ፊቷን ዞር አድርጋለች ማለት ነው። እሱም ተጣለ።

የቀረው ለቁጥር ያህል የያዝነው ነው፤ እማዬ ከሩቅ የተነሳች ትመስላለች። ግን ጀርባው ነጭ ነው፣ ጥላ የለም፣ ፊቷም ቀጥ ብሏል። አሁን አትማ በማስመሪያ ለካችው። የአሜሪካው ፎቶ 51 በ51 ሚሊሜትር ሆኖ፣ ከአገጭ እስከ አናት ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የእማዬ 22 ብቻ ሆነ። ዙሪያው ሰፊ ስለነበር ስክሪኑ ላይ ጠርዙን ቆርጣ፣ በዚያው 51 በ51 ልክ አጉልታ እንደገና ስታትመው 30 ላይ መጣ። ጠርዝ መቁረጥ ፊት መነካካት አይደለም። ተጠግቶ የተነሳና አናቱ የተቆረጠ ፎቶ ግን መድኃኒት የለውም። ቤት ስታነሱ ራቅ በሉ።

መነጽር የምታደርጉም አውልቃችሁ ተነሱ፤ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ አይፈቀድም።

ያስከፈለችን የህትመቱን ብቻ ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ከላካችሁላት እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ስልኩን ራሱን ይዞ መሄድ ይሻላል። እሁድ አትሠራም።