ዌብሳይት ልታሠሩ ላሰባችሁ ሻጮች፦ መጀመሪያ ይህን ልጅ አነጋግሩት

በቴሌግራም የሐበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ዌብሳይት እንዲሠራልኝ የሄድኩበት ልጅ አሻሻጤን በደንብ ከጠየቀኝ በኋላ "ለአንቺ አሁን የክፍያ ሊንክ ይበቃሻል" ብሎ ትልቁን ሥራ ራሱ ተወው። እዚህ ቆሜ የማመሰግነው ለዚህ ነው።

የሚያስጨንቀኝ የስክሪንሾት ነገር ነበር። ደንበኛ "አስገብቻለሁ" ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ይልካል። ፎቶ ደግሞ ይቀነባበራል። ሁለት ሰዎች እኩል ቀብድ በአንድ ቀን ሲልኩማ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በንግድ ፈቃዴ፣ በቲን ቁጥሬና በባንክ ሒሳቤ ቻፓ የሚባለው የኦንላይን ክፍያ መቀበያ ላይ አስመዘገበኝ። ሰነዱ እስኪጸድቅ አካውንቱ በቴስት ሞድ ይቆያል። በዚያ ጊዜ የሚሠራ ሊንክ እውነተኛ ይመስላል እንጂ ብር አያመጣም፤ ስለዚህ ለደንበኛ ከመላካችሁ በፊት ላይቭ መሆኑን እዩ። ከጸደቀ በኋላ ትንሽ ብር በራሴ ስልክ አስከፍሎ አሳየኝ።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ከሐዋሳ አንዲት ደንበኛ የ4,800 ብር ቀሚስ ብታዝ ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ። ርዕሱን "ቀሚስ፣ ሐዋሳ፣ ቀብድ" ብዬ፣ መጠኑን 2,400 ላይ ቆልፌ ሊንኩን እሠራና በቻት እልክላታለሁ። ስትነካው የክፍያ ገጽ ይከፈትላታል፤ ቴሌብርን ከመረጠች ስልክ ቁጥሯን ታስገባለች፣ የማረጋገጫ ጥያቄው እጇ ላይ ባለው ስልክ ይመጣል፣ የሚስጥር ቁጥሯን እዚያው ትጽፋለች። ለእኔ በቻት መላክ ያለባት ምንም ነገር የለም። የሚስጥር ቁጥሩን በቻት የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሌባ ነው።

ክፍያው ሲሳካ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ቻፓ ውስጥ ባለው የራሴ ገጽ ላይ ይመዘገባል። ልጁ ደጋግሞ የነገረኝ ይህንን ነው፦ የምታምኚው ደንበኛዋ የምትልክልሽን ፎቶ ሳይሆን ገጽሽ ላይ "ተሳክቷል" የሚለውን ነው። ገና በሂደት ላይ ከሆነ ደንበኛዋ የሚስጥር ቁጥሩን ሳታስገባ ወጥታ ይሆናል፤ ጨርቁ አይቆረጥም። ለእያንዳንዱ ትእዛዝም የራሱን ሊንክ እሠራለሁ፤ አንዱን ለሁሉም ብበትን ያው የድሮው ግራ መጋባት ይመለሳል።

ከየክፍያው የቻፓ የአገልግሎት ዋጋ ይቆረጣል፤ ብሩም መጀመሪያ የሚቀመጠው ቻፓ ላይ ባለው ሒሳቤ ሲሆን ወደ ባንክ የሚዛወረው ከዚያ ነው። ይህንን ሳልጠይቀው ቀድሞ ነገረኝ፣ ዋጋዬንም ያንን አስቤ እንዳወጣ መከረኝ። በጣም ርካሽ ዕቃ ለምትሸጡ ላያዋጣ ይችላል።

ሲያሠራ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ እናንተው እንድትነኩት ያደርጋል። የይለፍ ቃል ስትጽፉ ፊቱን ያዞራል። የምትፈልጉት በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።